ለአንድ የሥራ ማስታወቂያ የሚስማማ የሙያ መግለጫ አጻጻፍ፦ ሳይገለብጡና የሌለ ችሎታ ሳይጨምሩ

በየሰበካው ጽሕፈት ቤት በየጊዜው ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የሚጠይቁት የምስክርነት ደብዳቤ ነው። ወጣቱ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ከጋዜጣ የገለበጠውን የሥራ ማስታወቂያ፣ አብሮም የትምህርት ማስረጃውንና የሥራ ማመልከቻውን ይዞ ይመጣል። በማመልከቻው ራስ ላይ አመልካቹ ማን እንደ ሆነና ምን እንደ ሠራ በአምስት ወይም በስድስት ዐረፍተ ነገር የሚናገር አጭር የሙያ መግለጫ ይኖራል። ደብዳቤውን የሚጽፈው ኮሚቴ ይህን መግለጫ ማንበብ ግድ ይሆንበታል፤ መግለጫውና ደብዳቤው በቀጣሪው ዘንድ ጎን ለጎን ይነበባሉና።

በዚህ ጽሑፍ አንድን የሙያ መግለጫ ከአንድ ማስታወቂያ ቃላት ጋር እንዴት ማስማማት እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ እንመለከታለን። በሁለት በኩል የሚያጋጥም ስሕተት አለ። አንደኛው የማስታወቂያውን ዐረፍተ ነገሮች እንዳሉ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያው የጠየቀውን ሁሉ «አለኝ» ማለት ነው። ማስታወቂያውም ሆነ አመልካቿ ለትምህርቱ ሲባል የተዘጋጁ ናቸው፤ ነገር ግን የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራን የሚያውቅ ሁሉ ቃላቱን ይለያቸዋል።

ማስታወቂያው

የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ
ብዛት፦ 1
የትምህርት ደረጃ፦ በአካውንቲንግ ወይም በንብረት አስተዳደር ደረጃ 4 የተመረቀችና የብቃት ማረጋገጫ ያላት/ያለው
የሥራ ልምድ፦ በዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ 2 ዓመት
ዋና ዋና ተግባራት፦ የምግብና የንጽሕና ቁሳቁስ በሞዴል 19 ገቢ ማድረግ፣ በሞዴል 22 ወጪ ማድረግ፤ ቢን ካርድ በየዕለቱ መመዝገብ፤ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው የተቃረበ ዕቃዎችን ለይቶ ማሳወቅ፤ በየሩብ ዓመቱ በሚደረግ ቆጠራ መሳተፍና ልዩነት ሲገኝ ማስረዳት
ተጨማሪ ችሎታ፦ ኤክሴል መጠቀም የምትችል/የሚችል፤ ፒችትሪ ማወቅና አፋን ኦሮሞ መናገርና መጻፍ ተመራጭ ያደርጋል
ሌላ፦ ተያዥ ማቅረብ የምትችል/የሚችል፤ ታማኝና በቡድን መሥራት የምትችል/የሚችል

ማስታወቂያውን ከፍሎ ማንበብ

ማስታወቂያ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም። በውስጡ አራት ዓይነት ነገሮች አሉ፤ እያንዳንዱም በመግለጫው ውስጥ የሚያገኘው ስፍራ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ካልተሟላ ማመልከቻው ወደ ጎን የሚቀመጥበት ግዴታ ነው። በዚህ ማስታወቂያ የትምህርት ደረጃው፣ የብቃት ማረጋገጫው፣ የሁለት ዓመት ልምዱና ተያዥ ማቅረቡ የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው የሥራው ተግባር ነው፤ ተቀጣሪዋ ወደፊት በየዕለቱ የምትሠራውን ይናገራል። ሦስተኛው «ተመራጭ ያደርጋል» የሚለው ቃል የቆመበት ነው። ይህ ቢኖር የሚደገፍ፣ ባይኖር ግን በር የማይዘጋ ነው። አራተኛው «ታማኝና በቡድን መሥራት የምትችል» የሚለው ዓይነት የጠባይ ቃል ነው። ይህን በመግለጫ ውስጥ በመድገም ማረጋገጥ አይቻልም፤ «ታማኝ ነኝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ታማኙም ያልታመነውም እኩል ይጽፈዋልና። ተያዥ መጠየቁ ራሱ ቀጣሪው በዚህ ረገድ በቃል ብቻ እንደማይረካ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ የሚፈለገው የማስታወቂያው ክብደት የት ላይ እንዳረፈ ማየት ነው። ከአምስቱ ተግባራት ሦስቱ ማለትም ገቢ፣ ወጪና ቢን ካርድ ስለ ምዝገባ ይናገራሉ። የቀሩት ሁለቱ፣ የመጠቀሚያ ጊዜና ቆጠራ፣ ጥፋት ወይም ጉድለት ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ይናገራሉ። ስለ መሸከም፣ ስለ መደርደር ወይም ስለ መጋዘን ጥበቃ የተባለ ነገር የለም። እንግዲህ ይህ ቀጣሪ የሚፈልገው መዝገቡና መደርደሪያው አንድ ቁጥር እንዲናገሩ ማድረግ የምትችል ሰው ነው። መግለጫውም የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

ሦስት ክምር

አመልካቿ በ2013 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ደረጃ 4 ተመርቃ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናውን አልፋለች። ከመስከረም 2014 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ለ14 ወራት፣ በአንድ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ዕቃ ግምጃ ቤት በረዳትነት በደመወዝ ሠርታለች። ከኅዳር 2015 እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም.፣ ለ20 ወራት፣ በሳምንት ሁለት ቀን በሰበካዋ የእርዳታ መጋዘን በፈቃደኝነት አገልግላለች።

አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይከፈል። በመጀመሪያው የማስታወቂያው ቃል፣ በሁለተኛው አመልካቿ በእርግጥ የሠራችው፣ በሦስተኛው የሚያረጋግጠው ሰነድ ወይም ሰው ይጻፍ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር ወደ መግለጫው ከመግባቱ በፊት ይመርመር። ወረቀቱ ሲሞላ ነገሮቹ በሦስት ክምር ይለያሉ።

በሙሉ ያላት፦ ቢን ካርድ፣ የመጠቀሚያ ጊዜ ክትትልና ኤክሴል። በማኅበሩ ግምጃ ቤት የ85 ዓይነት ዕቃዎችን ቢን ካርድ በየዕለቱ መዝግባለች፤ ይህንም የቅርብ ኃላፊዋ ያውቃል። በሰበካው መጋዘን ዘይትና ዱቄት ሲገባ የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ አድርጋ ደርድራለች። ወርኃዊውንም ቀሪ በኤክሴል እየሠራች ለልማት ኮሚቴው አቅርባለች፤ ሰነዶቹ በጽሕፈት ቤቱ ይገኛሉ።

በከፊል ያላት፦ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22፣ ቆጠራ፣ ፒችትሪና የሥራ ልምዱ ዘመን። ማኅበሩ የሚጠቀመው የራሱን የዕቃ ገቢና የዕቃ ወጪ ደረሰኝ ነበር። በቆጠራ የተሳተፈችው በየሩብ ዓመቱ ሳይሆን አንድ ጊዜ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ነው። ፒችትሪን በሥልጠና ላይ ተምራለች፤ በሥራ ላይ ግን አልተጠቀመችበትም።

የሌላት፦ አፋን ኦሮሞ። ለገበያ የሚሆን ጥቂት ቃል ትሰማለች፤ መናገርም መጻፍም ግን አትችልም።

ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱት በሁለተኛው ክምር ነው። የሌለውን «አለኝ» የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ በከፊል ያለውን በሙሉ እንዳለው አድርጎ የሚጽፍ ግን ብዙ ነው፤ ሲጽፍም ሐሰት እየተናገረ እንደ ሆነ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንቆየው በዚህ ክምር ላይ ነው።

የትኛው ቃል ይወሰዳል? የትኛውስ ይተዋል?

ማመልከቻዎችን መጀመሪያ የሚለየው ሰው ብዙ ጊዜ የተግባሮቹን ዝርዝር በእጁ ይዞ ምልክት የሚያደርግ ነው። «ቢን ካርድ» የሚለውን ፈልጎ በምትኩ «የዕቃዎች መከታተያ ወረቀት» የሚል ካገኘ፣ ስለ አንድ ነገር እየተነገረ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። ስለዚህ የነገሮች ስም ማስታወቂያው እንደ ጠራው ይጠራል። ቢን ካርድ፣ ቆጠራ፣ የመጠቀሚያ ጊዜ፣ ኤክሴል የሙያው የጋራ ቃላት ናቸው፤ እነዚህን መጠቀም መገልበጥ አይባልም።

መገልበጥ የሚባለው ግሡንና የዐረፍተ ነገሩን አካሄድ መውሰድ ነው። ማስታወቂያው «የመጠቀሚያ ጊዜያቸው የተቃረበ ዕቃዎችን ለይቶ ማሳወቅ» ይላል። አመልካቿ «የመጠቀሚያ ጊዜያቸው የተቃረበ ዕቃዎችን በመለየት አሳውቃለሁ» ብትል ቀጣሪው የራሱን ቃል መልሶ ሰማ እንጂ ስለ እርሷ ምንም አላወቀም። ማስታወቂያው ስለሚመጣው ሥራ ይናገራል፤ መግለጫው ግን ስላለፈው ሥራ መናገር አለበት። ስለዚህ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ በግሡ ይታወቃል። «መመዝገብ፣ ማሳወቅ፣ ማስረዳት» እያለ በማስታወቂያው አንቀጽ የሚሄድ፣ ወይም «እችላለሁ» በሚል ብቻ የሚያበቃ ከሆነ፣ የት፣ መቼ፣ ስንት የሚለው ጎድሎታል ማለት ነው።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። የነገሮቹን ስም ትተን አምስት ወይም ስድስት ተከታታይ ቃላት ከማስታወቂያው ጋር አንድ ከሆኑ ዐረፍተ ነገሩ እንደገና ይጻፍ። ሌላም መፈተኛ ይጨመር፦ ይህን ዐረፍተ ነገር ለዚሁ መደብ የሚያመለክት ሌላ ሰው ምንም ሳይለውጥ ሊፈርምበት ይችላልን? ይችላል ከሆነ ገና የእርሷ አልሆነም።

በከፊል ያለውን እንዴት መጻፍ እንደሚገባ

በመጀመሪያ ሞዴል 19ን እንመልከት። ሞዴል 19 ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት መግባቱ፣ ሞዴል 22 ደግሞ ዕቃ ከግምጃ ቤት መውጣቱ የሚረጋገጥባቸው ደረሰኞች ናቸው። አመልካቿ በእነዚህ ስሞች የሚጠሩትን ቅጾች በሥራ ላይ ሞልታ አታውቅም። «በሞዴል 19 እና በሞዴል 22 ሠርቻለሁ» ብትል ለቀጣሪው ቀላል የሚመስል ለእርሷ ግን ከባድ የሆነ ቃል ትሰጣለች፤ በዚህ ሙያ ፈተና ሲሰጥ ባዶ ቅጽ አቅርቦ «ሙሊው» ማለት ያለ ነገር ነውና። ጉዳዩን ጨርሶ ብትተወው ደግሞ የምትችለውን ሥራ ትደብቃለች። መካከለኛው መንገድ የሠራችበትን ሰነድ በስሙ ጠርቶ ከማስታወቂያው ቃል ጋር ያለውን ዝምድና መናገር ነው፦ «የማኅበሩን የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞች እሞላ ነበር፤ ደረሰኞቹ እንደ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ያገለግላሉ።» እንዲህ ሲጻፍ መራጩ የሚፈልገውን ቃል ያገኛል፤ የተነገረውም እውነት ነው።

ቀጥሎ ቆጠራውን እንመልከት። ማስታወቂያው በየሩብ ዓመቱ ይላል፤ እርሷ ያላት አንድ ዓመታዊ ቆጠራ ነው። እዚህ ላይ የምትፈተነው «በቆጠራዎች ተሳትፌአለሁ» ብሎ አንዱን ብዙ ለማድረግ ነው። ነገር ግን በዚያ አንድ ቆጠራ የሆነው ነገር ከብዙ ቁጥር ይልቅ ይናገርላታል። በመደርደሪያው ላይ የተቆጠረው ሳሙና ቢን ካርዱ ከሚያሳየው በሦስት ካርቶን አንሶ ነበር። ቢን ካርድ ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ የገባውን፣ የወጣውንና ቀሪውን ይይዛል። አመልካቿ በካርዱ ላይ የተጻፉትን የወጪ ደረሰኝ ቁጥሮች ከደረሰኙ ጥራዝ ጋር አንድ በአንድ ስታመሳክር አንድ ቁጥር ዘልሎ አገኘች። የሦስት ካርቶን ወጪ በደረሰኝ ተሰጥቶ በካርዱ ላይ ሳይመዘገብ ቀርቶ ነበር። ማስታወቂያው «ልዩነት ሲገኝ ማስረዳት» ያለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ቁጥሩን ማብዛት አያስፈልግም፤ አንዱን በዝርዝር መናገር ይበቃል።

ስለ ፒችትሪ «ፒችትሪን አውቃለሁ» ማለት ሐሰት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ አሳሳች መሆኑ ግን እርግጥ ነው። ቀጣሪው በዚህ ቃል በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ኮምፒውተሩ ልኳት የምትሠራ ሰው ያስባል። «በሥልጠና ተምሬአለሁ፤ በሥራ ላይ ግን አልተጠቀምኩበትም» የሚለው ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ለሶፍትዌር፣ ለቋንቋና ለመሣሪያ ሁሉ «ተምሬአለሁ»፣ «ተጠቅሜአለሁ»፣ «ሌላውን አስተምሬአለሁ» የሚሉት ሦስት ደረጃዎች ናቸው፤ አመልካች የራሱን ደረጃ በግሡ ይለይ። እንዲሁም «አግዣለሁ»፣ «ሠርቻለሁ»፣ «መርቻለሁ» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። በረዳትነት የሠራች ሰው ስለ ግምጃ ቤቱ «አስተዳድሬአለሁ» ብትል የቀድሞ ኃላፊዋ በስልክ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሌላውንም እውነት ያጠራጥርባታል።

ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው የሁለት ዓመቱ ልምድ ነው። በደመወዝ የሠራችው 14 ወር ነው። የፈቃድ አገልግሎቱ 20 ወር ቢሆንም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለ ነበር፣ ሳምንቱን ስድስት የሥራ ቀን ብናደርገው ከሙሉ ጊዜ ሥራ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም ሰባት ወር ገደማ ይሆናል። ድምሩ 21 ወር እንጂ 24 አይደለም። 14 እና 20ን ደምሮ «34 ወር ልምድ አለኝ» ማለት ቀኖቹን መደበቅ ነው። «2 ዓመት» ብሎ ማጠጋጋትም እንዲሁ ነው። በሌላ በኩል ማስታወቂያው «በዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ 2 ዓመት» አለ እንጂ «በደመወዝ» አላለም፤ ስለዚህ ራሷን አስቀድማ ከውድድሩ ማስወጣት የለባትም። ሁለቱን ዘመን ለየብቻ፣ ከቀኖቹ ጋር ትጻፍና ፍርዱን ለቀጣሪው ትተውለት። የስልክ ቁጥር በማስታወቂያው ላይ ካለ የፈቃድ አገልግሎት ይቆጠር እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅም ይቻላል።

ስለ አፋን ኦሮሞ ግን መግለጫው ዝም ይላል። መስፈርቱ «ተመራጭ ያደርጋል» የተባለ ስለ ሆነ አለመጥቀሱ ማታለል አይደለም። ከጠየቋት «አልችልም» ትላለች። ቋንቋው በግዴታው ወገን ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን በመግለጫው ማማር ሊሞላ የሚችል ጉድለት አይሆንም ነበር፤ ያን ጊዜ ሌላ ማስታወቂያ መፈለግ ይሻላል።

አራት መግለጫዎች

አመልካቿ መጀመሪያ ለሁሉም ማስታወቂያ የምትልከው መግለጫ እንዲህ የሚል ነበር፦

«በአካውንቲንግ የተመረቅሁ ስሆን ልዩ ልዩ ሥራዎችን ሠርቻለሁ። ሥራዬን የምወድ፣ ከሰው ጋር ተግባቢና ማንኛውንም ሥራ በኃላፊነት ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።»

በዚህ ውስጥ ሐሰት የለም፤ ግን ግምጃ ቤት የሚለው ቃል እንኳ አልተገኘበትም። ሁለተኛው የተገለበጠው ነው፦

«የምግብና የንጽሕና ቁሳቁስ በሞዴል 19 ገቢ የማድረግ፣ በሞዴል 22 ወጪ የማድረግና ቢን ካርድ በየዕለቱ የመመዝገብ ችሎታ ያለኝ ታማኝና በቡድን መሥራት የምችል ነኝ።»

ሦስተኛው የተጋነነው ነው፦

«በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ከ2 ዓመት በላይ የሠራሁ፣ በየሩብ ዓመቱ ቆጠራ የመራሁ፣ በፒችትሪና በአፋን ኦሮሞ በቂ ችሎታ ያለኝ ነኝ።»

አራተኛው እስካሁን የተናገርነውን ሁሉ የተከተለው ነው፦

«በ2013 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ደረጃ 4 ተመርቄ የብቃት ማረጋገጫ አግኝቻለሁ። ከመስከረም 2014 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአንድ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ዕቃ ግምጃ ቤት በረዳትነት ስሠራ የ85 ዓይነት ዕቃዎችን ቢን ካርድ በየዕለቱ እመዘግብ፣ የማኅበሩንም የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞች እሞላ ነበር፤ ደረሰኞቹ እንደ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ያገለግላሉ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በተደረገው ዓመታዊ ቆጠራ የሦስት ካርቶን ሳሙና ልዩነት የመጣው በካርድ ላይ ካልተመዘገበ የወጪ ደረሰኝ መሆኑን ደርሼበት አስረድቻለሁ። ከኅዳር 2015 እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. በሳምንት ሁለት ቀን በፈቃደኝነት በሰበካችን የእርዳታ መጋዘን ሳገለግል፣ ዘይትና ዱቄቱ የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ እደረድር፣ ወርኃዊውን ቀሪ በኤክሴል አዘጋጅ ነበር። ፒችትሪን በሥልጠና ተምሬአለሁ፤ በሥራ ላይ ግን አልተጠቀምኩበትም። ተያዥ ማቅረብ እችላለሁ።»

«ታማኝ» የሚለው ቃል በአራተኛው ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ስለ ፒችትሪ የተነገረው ዐረፍተ ነገርና የሦስቱ ካርቶን ነገር በእርሱ ስፍራ ቆመዋል። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ በመግለጫው ውስጥ «አንድ» የተባለው ለምሳሌው ነው፤ በእውነተኛ ማመልከቻ ስሙ በሙሉ ይጻፋል።

ይህ መግለጫ ለዚህ ማስታወቂያ ብቻ የተሰፋ ነው። ይህችው አመልካች በሚቀጥለው ሳምንት ለገንዘብ ያዥነት ብታመለክት እውነቶቹ አይለወጡም፤ የሚለወጠው ምርጫቸውና ቅደም ተከተላቸው ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው ነገር ይወጣል፤ የአካውንቲንግ ትምህርቷ ይሰፋል፤ ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር የማመሳከር ልማዷ ወደ ፊት ይመጣል። ገንዘብ ተቀብላ የማታውቅ ከሆነ ግን የዕቃ ደረሰኝ የገንዘብ ደረሰኝ አይሆንላትም።

የጽሕፈት ቤቱ ድርሻ

ኮሚቴው የሚሰጠው ደብዳቤ መግለጫውን የሚደግፈው ሁለቱ በሦስት ነገር ሲስማሙ ነው፦ በቀኖቹ፣ በአገልግሎቱ ስምና በአገልግሎቱ መጠን። መግለጫው «በሳምንት ሁለት ቀን በፈቃደኝነት» ካለ ደብዳቤውም ይህንኑ ይበል። በበጎ አሳብ «በሙሉ ጊዜ ሠራተኝነት» ብሎ መጻፍ አመልካቿን አይጠቅማትም፤ ብዙ ቀጣሪዎች የሥራ ልምድ ማስረጃ ደመወዙንና የሥራ ግብር መከፈሉን እንዲገልጽ ስለሚጠይቁ ጉዳዩ በዚያው ይወድቃል። የሐሰት ማስረጃ መስጠትም ሆነ በእርሱ መገልገል በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በደመወዝ ለተሠራው ሥራ ግን ማስረጃው የሚጠየቀው ከቀድሞው አሠሪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ብዙ ወጣቶች ሥራ ሲለቁ ይህን ሳይጠይቁ ይወጣሉ። መግለጫ ለመጻፍ ሲቀመጡ ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

የልማት ኮሚቴው ደብዳቤውን ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ቢያደርግ ይበቃዋል። አንደኛ፣ የአገልግሎቱን መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ከቃለ ጉባኤው ወይም ከመጋዘኑ መዝገብ ያውጣ፤ በቃል ከሚታወሰው ቀን ይልቅ የተጻፈው ይታመናል። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያውንና መግለጫውን ጎን ለጎን አስቀምጦ አመልካቿን በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ «ይህን እንዴት እንደ ሠራሽው ንገሪን» ይበላት። ሁለት ደቂቃ የምትናገርበት ዐረፍተ ነገር ይቆይ፤ የምትደናቀፍበት ይስተካከል ወይም ይውጣ። ሦስተኛ፣ በደብዳቤው ውስጥ ከማስታወቂያው የተቀዳ ቃል እንዳይገባ ይጠንቀቅ። ጽሕፈት ቤቱ የሚመሰክረው በመጋዘኑ ውስጥ ያየውን ነው፤ ለሥራው ብቁ መሆንዋን የሚወስነው ቀጣሪው ነው።